የማሽኑ የመዝገብ ዋጋ 720፣ የገዢው ዋጋ 500፤ ልዩነቱ ሁሉ ኪሳራ ነው?

ባለማተሚያው

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የማሸጊያ ካርቶን በሚያመርት መካከለኛ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ከ4 ዓመት በፊት በ1,200 የገዛነው አንድ የማተሚያ ማሽን አለን፤ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው የገንዘብ አሃዞች ሁሉ በሺህ ናቸው። ማሽኑ 10 ዓመት ያገለግላል ተብሎ በየዓመቱ 120 የእርጅና ቅናሽ ሲያዝለት ስለቆየ፣ ዛሬ በመዝገባችን ላይ የሚታየው ዋጋ 720 ነው።

በዚህ ዓመት አጋማሽ ትልቁ ደንበኛችን ውሉን አቋረጠ። በሦስት ፈረቃ ይሠራ የነበረው ማሽን አሁን ከአንድ ፈረቃ ተኩል አያልፍም። በዚህ መካከል ያገለገሉ ማሽኖችን የሚነግድ አንድ ሰው 500 እከፍላለሁ ብሏል፤ ነገር ግን ማሽኑን ፈትቶ ለማጓጓዝ 40፣ ለደላላውም 10 የምንከፍለው እኛ ነን።

ሥራ አስኪያጃችን «አንሸጠውምና የነጋዴው ዋጋ አያገባንም» ይላሉ። ረዳቴ ደግሞ እጃችን የሚገባው 450 ብቻ ስለሆነ 270 ዛሬውኑ በኪሳራ መያዝ አለበት ባይ ነው። እኔ በበኩሌ ማሽኑ በቀሩት 6 ዓመታት የሚያስገኘውን ገንዘብ ለማስላት ሞክሬያለሁ። ከሽያጭ ላይ የሥራ ወጪው ሲነሳ በዓመት 155 ይተርፋል፤ ማሽኑ የተገዛበትን ብድር ወለድ 25 ስቀንስ 130 ይሆናል፤ ይህንን በ12 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ ስመልሰው 534 አገኘሁ። ከሦስታችን ትክክል የሆነው ማን ነው?

የቀድሞ ኦዲተር

ሦስታችሁም የእውነቱን ቁራጭ ይዛችኋል። ነገሩን ከሥሩ ብናየው ይቀልላል። አንድ ንብረት በእጁ ያለ ባለቤት ከንብረቱ ገንዘብ የሚያገኝባቸው ሁለት መንገዶች አሉት፤ አንዱ ዛሬ መሸጥ ነው፣ ሌላው ይዞ እየሠራበት መቆየት ነው። አስተዋይ ባለቤት የሚሻለውን መንገድ እንደሚመርጥ ስለሚታሰብ፣ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ ቁጥር 36 የመዝገቡን ዋጋ የሚያነጻጽረው ከሁለቱ ከሚበልጠው ጋር ነው። ኪሳራ የሚያዘው የሚሻለው መንገድ እንኳ የመዝገቡን ዋጋ መመለስ ሲያቅተው ብቻ ነው።

ስለዚህ ረዳትዎ የሽያጩን መንገድ ብቻ አይተው ስለቆሙ ኪሳራውን አብዝተዋል። ሥራ አስኪያጁም ለመሸጥ አለማሰባቸው የሽያጩን ዋጋ ከስሌቱ አያስወጣውም፤ 450 እንደ ወለል ሆኖ ይቆያል። እርስዎ ትክክለኛውን ጥያቄ ይዘዋል፤ ይሁን እንጂ በስሌትዎ ላይ አንድ ስህተት አለ፣ ሁለተኛም ሳይኖር አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

የማይጠረጠረው ስህተት ወለዱ ነው። ገንዘቡን በ12 በመቶ ወደ ዛሬ ሲመልሱ፣ ያ 12 በመቶ ገንዘብን በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ማዋል የሚያስወጣውን ዋጋ አስቀድሞ ይዟል። ወለዱን እንደገና ከገቢው ላይ ሲቀንሱ አንዱን ወጪ ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው። ማሽኑ በብድርም ሆነ በባለቤቶች ገንዘብ ቢገዛ የሚያትመው ያንኑ ወረቀት ነው፤ ይዞ በመሥራት የሚገኘው ዋጋም በአበዳሪው ማንነት አይለወጥም። ሁለተኛውን ከመናገሬ በፊት ግን ልጠይቅ፤ 155 በተባለው ውስጥ ገና ያልተሠራ ማሻሻያ የሚያመጣው ገቢ ተካትቷል?

ቀመረኛ

ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ? 155 በዓመት፣ በ6 ዓመት 930 ነው። 930 ከ720 ስለሚበልጥ ማሽኑ ዋጋውን ይመልሳል፤ ኪሳራ የለም። ወደ ዛሬ ዋጋ መመለስ የሚመጣው ይህን የመጀመሪያ ፈተና የወደቀ ንብረት ላይ ብቻ ነው። እኔ የሠራሁበት ድርጅት ሁልጊዜ በዚህ መንገድ ነበር የሚሄደው።

የቀድሞ ኦዲተር

ቀመረኛ የጻፉት ከአየር ላይ የመጣ አይደለም፤ የአሜሪካ የሒሳብ ደረጃ ነው። በዚያ ሥርዓት በአገልግሎት ላይ ላለ ማሽን መጀመሪያ የሚደመረው ወደ ዛሬ ዋጋ ያልተመለሰው ገንዘብ ነው፤ ድምሩ ከመዝገቡ ዋጋ ከበለጠ ፈተናው እዚያው ያበቃል። ድምሩ ካነሰ ኪሳራው የሚለካው ከተገቢው የገበያ ዋጋ ጋር ባለው ልዩነት ነው። የእርስዎ የቀድሞ ድርጅት በዚያ ሥርዓት ይመራ እንደነበር እገምታለሁ።

በዓለም አቀፉ ደረጃ ግን ያ የመጀመሪያ በር የለም። ከ6 ዓመት በኋላ የሚገባ 135 እና ዛሬ የሚገባ 135 እንደ እኩል አይቆጠሩም። በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት ማሽን፣ አንድ ዓይነት ገቢ እየታየ፣ በአንዱ ሥርዓት ጤነኛ በሌላው ደግሞ የተጎዳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጠያቂያችን በየትኛው ሥርዓት እንደሚዘግቡ ቢነግሩን መልካም ነው።

ባለማተሚያው

የምንዘግበው በዓለም አቀፉ ደረጃ ነው። ጥርጣሬዎም ትክክል ነው፤ በ155 ውስጥ 20 የሚሆነው በሚቀጥለው ዓመት የማሽኑን የመቆጣጠሪያ ሥርዓት በአዲስ ስንተካ ይገኛል ብለን ያሰብነው ተጨማሪ ገቢ ነው። ማሻሻያው ገና አልተጀመረም፤ ወጪውንም በስሌቱ ውስጥ አላስገባሁም።

(135 የምትለው አሃዝ ከጽሑፌ ውስጥ የለችም፤ ከየት አገኟት?)

የቀድሞ ኦዲተር

አሃዟን በመገመት ቀድሜ ጻፍኩ፤ ይቅርታ። በየድርጅቱ እቅድ ውስጥ ማሻሻያ እየተደበቀ ስለሚገባ ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ እዚህ መገጣጠሙ ግን እኔንም አስገርሞኛል።

ደንቡ ንብረቱ ዛሬ ባለበት ሁኔታ ይለካ ይላል። አቅሙን የሚያሳድግ የወደፊት ሥራ ወጪውም ገቢውም ይወጣል። ማሽኑን ባለበት የሚያቆየው የተለመደ ጥገና ግን ወጪው መግባት አለበት፤ ሮለር መለወጥ ጥገና ነው፣ አዲስ መቆጣጠሪያ መግጠም ማሻሻያ ነው። እንግዲህ 155 ላይ 20 ሲነሳ 135 ይቀራል፤ ወለዱም አይነካውም። በ12 በመቶ ሲመለስ እንዲህ ይሆናል፦

1ኛ ዓመት፦ 120.5
2ኛ ዓመት፦ 107.6
3ኛ ዓመት፦ 96.1
4ኛ ዓመት፦ 85.8
5ኛ ዓመት፦ 76.6
6ኛ ዓመት፦ 68.4
ድምር፦ 555

በመሥራት የሚገኘው 555፣ በመሸጥ የሚገኘው 450 ስለሆነ፣ የሚመለሰው ዋጋ 555 ነው። ከ720 ጋር ያለው ልዩነት 165 የዚህ ዓመት ኪሳራ ይሆናል። ከአሁን በኋላ የሚያዘው የእርጅና ቅናሽም 120 መሆኑ ቀርቶ 555ን ለ6 በማካፈል 92.5 ይሆናል።

የመጀመሪያው ስሌትዎ 534 ነበር፤ የተስተካከለው 555 ነው። ወለዱ ያለ አግባብ ያሳነሰውን ማሻሻያው ያለ አግባብ ስለሞላው ሁለቱ ስህተቶች ተሸፋፍነው ውጤቱ እውነት መስሎ ወጣ። አንድን ስሌት ስመረምር ከመጨረሻው መልስ ይልቅ እያንዳንዱን መስመር የምፈትሸው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ገቢው ግብር ያልተነሳለት ከሆነ፣ መመለሻው መቶኛም ከግብር በፊት ያለ መሆን አለበት። 12 በመቶው ከየት መጣ?

መጋዘን ጠባቂ

እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ጥቅል ወረቀት አለን፤ የገበያው ዋጋ በጣም ወርዷል። እኔም በሦስት ዓመት ውስጥ የሚሸጠውን ገምቼ በ12 በመቶ ወደ ዛሬ ልመልሰው ማለት ነው?

የቀድሞ ኦዲተር

አይደለም። ለሽያጭ ወይም ለምርት የተቀመጠ ዕቃ በዚህ ደንብ ሥር አይገባም፤ የራሱ ደረጃ አለው። ያለቀ ዕቃ የሚያዘው ከወጪውና፣ ማጠናቀቂያና መሸጫ ወጪ ተቀንሶለት ከሚያወጣው ዋጋ በሚያንሰው ነው። ጥሬ ዕቃ ከሆነ ደግሞ የሚሠራበት ምርት ወጪውን ሸፍኖ የሚሸጥ እስከሆነ ድረስ የወረቀቱ ዋጋ መውረድ ብቻውን ቅነሳ አያስከትልም። ከዚህ በላይ ለመሄድ አዲስ ክር ቢከፍቱ ይሻላል።

ባለማተሚያው

12 በመቶውን የወሰድኩት ከፋይናንስ ክፍል ነው። ጠይቄያቸው ነበር፤ ለአዲስ ግዢ ውሳኔ የሚጠቀሙበትና ከግብር በኋላ ያለ መቶኛ ነው አሉኝ። ከግብር በፊት ወደ 15 በመቶ ሊጠጋ እንደሚችል ገምተዋል፤ እርግጠኛ ግን አይደሉም።

የቀድሞ ኦዲተር

እንግዲያው 165 የሚለውን እስካሁን አይመዝግቡት። በ15 በመቶ ቢሰላ ያው 135 በዛሬ ዋጋ 511 ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ኪሳራውም ወደ 209 ያድጋል። የመቶኛው በሦስት ነጥብ መለወጥ ኪሳራውን በ44 አንቀሳቀሰ ማለት ነው። ኦዲተሮቻችሁ መጀመሪያ የሚይዙት ይህን ነው፤ ስለዚህ መቶኛው የዚህን ሥራ ስጋት የሚያሳይና በጽሑፍ የተደገፈ ይሁን። ትልቁ ደንበኛ በመሄዱ የተነሳ ያለውን ስጋትም ወይ ከገቢው ግምት ላይ ወይ ከመቶኛው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አስገቡት።

ዘግይቶ የደረሰ

ይህን ክር ሳነብ የራሴ ጉዳይ ትዝ ብሎኝ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እኛም አንድ ማሽን ላይ ኪሳራ ይዘን ነበር። ኋላ ሥራው ተመልሶ ሲደራ፣ ይመልሳል ተብሎ የተሰላውን ዋጋ እንዳለ መዝገብ ላይ አወጣን። ኦዲተራችን ግማሹን ሰረዘብን። ኪሳራው መመለስ ከተፈቀደ ለምን ሙሉውን አይመለስም? እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ በደል እንደተፈጸመብን ነው የሚሰማኝ።

የቀድሞ ኦዲተር

ኦዲተሩ በደል የፈጸሙ አይመስለኝም። በጠያቂያችን አሃዝ ላሳይዎ። 165 ተይዞ 555 ሆነ እንበል። ሁለት ዓመት ሲያልፍ የእርጅና ቅናሹ 185 ስለሚሆን መዝገቡ ላይ 370 ይቀራል። በዚያን ጊዜ አዲስ ደንበኛ መጥቶ የሚመለሰው ዋጋ 530 ነው ቢባል፣ መዝገቡን ወደ 530 ማውጣት አይፈቀድም። ኪሳራው ከመጀመሪያው ባይያዝ ኖሮ ማሽኑ እያረጀ ሄዶ 720 ላይ 240 ተነስቶለት 480 ይሆን ነበር፤ ጣሪያው ይህ 480 ነው። ስለዚህ የሚመለሰው 110 ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው 50 ኪሳራን መመለስ ሳይሆን ንብረቱን በአዲስ ዋጋ ማስቀመጥ ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ምርጫ ነው፣ የራሱ ደንብ አለው።

ድርጅት ሲገዛ የሚያዘው ጉድዊል ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተቀነሰ በኋላ ፈጽሞ አይመለስም።

ቀመረኛ

በአሜሪካው ሥርዓት በአገልግሎት ላይ ያለ ማሽንም ቢሆን አይመለስም። ይህንንም ልጨምርላችሁ፤ የመጀመሪያው በር የላላ የሆነው መመለሻ ስለሌለው ይመስለኛል።

የምርት ወጪ ተንታኝ

ሁላችሁም ስሌቱን እያጠራችሁ ነው፤ እኔን ግን ከስሌቱ በፊት ያለ ነገር ያሳስበኛል። ማሽኑ የሚያትመው ጠፍጣፋ ወረቀት ነው፤ ደንበኛ የሚገዛው ግን ተቆርጦ፣ ተጣጥፎና ተጣብቆ የወጣ ካርቶን ነው። ታዲያ ይህ 155 የማተሚያው ገቢ መሆኑ በምን ታወቀ? ጠያቂያችን ከማተሚያው ቀጥሎ ምን ምን ማሽን አላቸው?

ባለማተሚያው

በመዝገብ 280 የሚገመት የመቁረጫ ማሽንና 200 የሚገመት የማጣበቂያ ማሽን አሉን። የታተመው ወረቀት ከማተሚያ ወደ መቁረጫ ሲተላለፍ በውስጣዊ ዋጋ ነው የሚተላለፈው፤ ዋጋውን የሚያወጣው የምርት ክፍሉ ነው። 155 የተገኘው በዚያ ዋጋ ተሰልቶ ነው።

የምርት ወጪ ተንታኝ

እንግዲህ ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። የውስጥ ዋጋውን የምርት ክፍሉ ነገ ከፍ ቢያደርገው ማተሚያው ጤነኛ ይሆናል፣ መቁረጫው ይታመማል፤ ዝቅ ቢያደርገው ተገላቢጦሽ ይሆናል። ከውጭ ደንበኛ የሚገባው ገንዘብ ግን አንዲት ሳንቲም እንኳ አልተለወጠም። ማተሚያው ብቻውን ከሌሎቹ ተለይቶ የሚታይ ገቢ ከሌለው ብቻውን አይፈተንም። የሚፈተነው የራሱን ገቢ ለብቻው ማምጣት የሚችለው ትንሹ የንብረቶች ስብስብ ነው፤ በእናንተ ዘንድ ያ ሦስቱም ማሽኖች ናቸው፤ የመዝገብ ዋጋቸው በድምሩ 1,200 ነው።

ከሦስቱ ማሽኖች በአንድነት የሚገኘው በዛሬ ዋጋ 1,290 ነው እንበል፤ ያን ጊዜ 165 የተባለው ኪሳራ ከነጭራሹ የለም። የነጋዴው 500ም ማተሚያውን ብቻ የሚመለከት ስለሆነ በራሱ ኪሳራ አያመጣም።

የቀድሞ ኦዲተር

ይህን ቀድሜ ማንሳት ሲገባኝ ሳላነሳው ቀርቻለሁ፤ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሆኖም ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ስብስቡን ማስፋት ለሥራ አስኪያጆች ጣፋጭ መንገድ ነው፤ ትርፋማ ማሽን ከከሳሪው ጋር ሲታሰር ኪሳራው ይደበቃል። በሥራ ዘመኔ መላውን ፋብሪካ አንድ ስብስብ ነው ብለው የተከራከሩኝ ነበሩ። ሁለተኛ፣ ለታተመው ጠፍጣፋ ወረቀት ሕያው ገበያ ካለ፣ እናንተ ራሳችሁ ብትጠቀሙበትም እንኳ ማተሚያው ለብቻው ይፈተናል፤ የውስጥ ዋጋውም በዚያ ገበያ ዋጋ ይተካል። ጠያቂያችን፣ የታተመ ወረቀት ለሌላ ድርጅት ሸጣችሁ ታውቃላችሁ?

ባለማተሚያው

አዎን፤ ከምናትመው አንድ ስድስተኛ የሚሆነውን የራሳቸው ማተሚያ ለሌላቸው ሁለት ትናንሽ አምራቾች እንሸጣለን። ዋጋው ከውስጣዊው ዋጋ ትንሽ ከፍ ይላል።

የቀድሞ ኦዲተር

እንግዲያው ወደ እኔ ያደላል። ዋናው ነገር ምን ያህሉን ትሸጣላችሁ የሚለው ሳይሆን መሸጥ ትችላላችሁ ወይ የሚለው ነው። ሁለት ገዢዎች ከውጭ መጥተው በሚታወቅ ዋጋ እየገዙ ነው።

የምርት ወጪ ተንታኝ

እኔ አልስማማም። ሁለት ገዢ ገበያ አይደለም። ወረቀቱ የሚታተመው በእያንዳንዱ ገዢ ንድፍ ነው፤ የአንዱን ለሌላው መሸጥ አይቻልም። ሕያው ገበያ ለመባል ዕቃው ለማንም ፈላጊ በበቂ መጠንና ሳይቋረጥ የሚሸጥና ዋጋውም የሚታይ መሆን አለበት። የቀሩትን አምስት ስድስተኛ ነገ ለውጭ እናቅርብ ብትሉ ማን ይገዛችኋል?

በነገራችን ላይ ስብስቡ ቢፈተንና ቢወድቅ እንኳ ኪሳራው በመዝገብ ዋጋቸው መጠን በሦስቱ ላይ ይከፋፈላል። የሚመለሰው 1,000 ቢሆን 200ው ኪሳራ ለማተሚያው 120 ይደርሰዋል፤ ማተሚያው ወደ 600 ይወርዳል፣ ከ450 በታች ግን በምንም ሁኔታ አይወርድም። የነጋዴው ዋጋ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ባለማተሚያው

ለሁለታችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለቱን ውጭ ገዢዎች ያስገኘልንን የሽያጭ ክፍል አነጋግሬ፣ ሌላ ፈላጊ መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ጠይቄያለሁ። ፋይናንስ ክፍልም ከግብር በፊት ያለውን መቶኛ እንዲያሰላ ታዝዞልኛል። ውጤቱ በየትኛውም ወገን ቢወጣ ለሥራ አስኪያጁ የማሳየው በሁለቱም መንገድ የተሰላውን ይሆናል።

የምርት ወጪ ተንታኝ

መልካም ነው። ስብስቡ ፈተናውን አልፎ ኪሳራ ባይያዝ እንኳ የማተሚያውን የቀረ ዕድሜ ሳይመረምሩ አይለፉ። ዋናው ደንበኛ ሄዶ ማሽኑ በግማሽ አቅም መሥራቱ ምልክት ነው፤ ምልክት ከታየ ደግሞ 6 ዓመት የተባለው ዕድሜና በመጨረሻው የሚቀረው ዋጋ እንደገና መታየት አለባቸው። ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ዕድሜው ረዘመ ሊባል ይችላል፤ ሥራ ስላጣ ከ6 ዓመት በፊት ይቆማል ሊባልም ይችላል። የማተሚያው ባለሙያዎች ምን ይላሉ?

ባለማተሚያው

ዋናው የማሽን ባለሙያችን፣ በዚህ ፍጥነት ከሆነ 9 ዓመት ሊሄድ ይችላል ይላል፤ ነገር ግን የመቆጣጠሪያው መለዋወጫ ከ4 ዓመት በኋላ መገኘቱን ይጠራጠራል። ነገ በጽሑፍ እቀበለዋለሁ።